ሦስት ሁኔታ ያለው ማሽን ወደ አንድ መስመር ሬጀክስ ሲወርድ፦ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የተነሳው ከአንድ የሎግ መከታተያ ነው። አንድ ሰርቨር ከእያንዳንዱ ደንበኛ ጋር ያደረገውን ነገር ሁሉ በአንድ መስመር ይጽፋል። እያንዳንዱ ክስተት አንድ ፊደል ነው። `o` ግንኙነቱ ተከፈተ ማለት ነው። `r` ጥያቄ ተላከ፣ `a` መልስ መጣ፣ `c` ግንኙነቱ በሥርዓት ተዘጋ፣ `x` ደግሞ መልስ እየተጠበቀ እያለ ግንኙነቱ ተቋረጠ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ መስመር `orac` ወይም `orrxoc` ሊሆን ይችላል። የተፈለገው ቅደም ተከተላቸው የተበላሸ መስመሮችን መለየት ነበር። `oa` የሚል መስመር ከመጣ ለምሳሌ፣ ማንም ያልጠየቀው መልስ መጥቷል፤ የሆነ ቦታ ችግር አለ።

ሕጉ ግልጽ ነበር። የማሽኑ ሥዕልም ተስሏል፤ ለሦስቱ ሁኔታዎች ሦስት ክብ፣ በመካከላቸው ቀስቶች። ችግሩ መከታተያው ኮድ አለመቀበሉ ነው። ለአንድ ደንብ ያለው አንድ ሳጥን ብቻ ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚገባውም አንድ ሬጀክስ፣ ማለትም የተፈቀዱ የፊደል ቅደም ተከተሎችን የሚገልጽ ቀመር ነው። አንድ ባልደረባችን መጀመሪያ በግምት `(o(ra)*c)*` ብሎ ጻፈ። ያየነው ሰዎች ሁሉ ልክ ይመስላል አልን። ከዚያ ጥያቄው ሲደገም ምን ይሆናል ተባለ፤ አንድ ነገር ተጨመረ። ቢቋረጥስ ተባለ፤ ሌላ ተጨመረ። በዚህ መንገድ ሲኬድ መቼ እንደሚያበቃ ማወቂያ የለም። ማሽኑ እጃችን ላይ እያለ ሬጀክሱን መገመት አያስፈልግም፤ ከማሽኑ አውጥቶ ማስላት ይቻላል።

ውሱን ኦቶማታ፣ ማለትም እንደ እኛው ያለ የሁኔታዎቹ ቁጥር የተወሰነ ማሽን፣ የሚቀበለው ቋንቋ ወይም የስትሪንጎች ስብስብ ሁሉ በሬጀክስ ሊጻፍ እንደሚችል ስቲቨን ክሊኒ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ሥራ አረጋግጧል። እዚህ የምንሠራበትን በሥዕሉ ላይ ሁኔታዎችን እያጠፉ የመሄድ ዘዴ ደግሞ ያኑሽ ብርዞዞቭስኪ እና ኤድዋርድ ማክላስኪ በ1963 አቅርበውታል። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

ማሽኑ ይህ ነው። 0 ማለት ዝግ፣ 1 ማለት ክፍት፣ 2 ማለት መልስ እየጠበቀ ያለ። መነሻው 0 ነው። ተቀባዩም 0 ነው፤ መስመሩ ሲያልቅ ግንኙነቱ ተዘግቶ መገኘት አለበት።

```
0 -> 1 : o
1 -> 2 : r
1 -> 0 : c
2 -> 2 : r
2 -> 1 : a
2 -> 0 : x
```

2 ላይ ያለው ወደ ራሱ የሚመለስ ቀስት የተደጋገመ ጥያቄ ነው። መልስ ሲዘገይ ደንበኛው ደግሞ ይጠይቃል፤ ይህ ይፈቀዳል። ያልተጻፈ ቀስት ሁሉ ስህተት ነው። በጥብቅ አነጋገር ስህተቶቹ ሁሉ የሚወድቁበት አራተኛ ሁኔታ ሊኖር ይገባል፤ ነገር ግን እዚያ የገባ አይወጣም፤ ወደ ተቀባይ የሚወስድ መንገድም የለውም። ስለዚህ ሬጀክሱ ላይ አንድ ፊደል እንኳ አይጨምርም። ገና ሳይጀመር ይጣላል።

ዋናው ሐሳብ ቀስቶች ላይ ከአንድ ፊደል ይልቅ ሙሉ ሬጀክስ እንዲቀመጥ መፍቀድ ነው። ይህን ከፈቀድን አንድን ሁኔታ ከሥዕሉ ማውጣት እንችላለን፤ ብቻ በእሱ በኩል ያልፉ የነበሩትን መንገዶች በሙሉ በአዲስ ቀስት መተካት አለብን። ከመንገድ ላይ አንድ ከተማ ሲጠፋ ጎረቤቶቹን በቀጥታ የሚያገናኝ መንገድ እንደመዘርጋት ነው። የሚወጣው ሁኔታ q ይባል። ከ p ወደ q የሚገባው ቀስት A ይዟል። q ላይ የሚዞረው ቀስት B ይዟል። ከ q ወደ t የሚወጣው C ይዟል። ከ p ወደ t በቀጥታ የሚሄድ D ካለም አለ። q ሲጠፋ ከ p ወደ t የሚሆነው ቀስት ይህ ነው።

```
D | A B* C
```

A ብሎ ገባ፣ B ን የፈለገውን ያህል ዞረ (ዜሮ ጊዜም ይሆናል)፣ C ብሎ ወጣ። ወይም ጭራሽ በዚያ ሳያልፍ በ D ሄደ። ይህ ለእያንዳንዱ የገቢና የወጪ ጥንድ ይሠራል። p እና t አንድ ሁኔታ ከሆኑ አዲሱ ቀስት ዙር ይሆናል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህን ነው። q ላይ ዙር ከሌለ B* አይጻፍም። ቀጥተኛ ቀስት ከሌለ ደግሞ D አይጻፍም።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር እንጨምር። አዲስ መነሻ S፣ ምንም ፊደል በማይበላ ቀስት ወደ 0። አዲስ መድረሻ F፣ ከ0 ምንም በማይበላ ቀስት። ባዶውን ቀስት ε እንበለው። የ S ጥቅም ወደ መነሻው የሚመለስ ቀስት አለመኖሩ ነው። የ F ጥቅም ከመድረሻው የሚወጣ ቀስት አለመኖሩ ነው። የእኛ 0 መነሻም ተቀባይም ሆኖ መሀል ላይም ስለሚረገጥ፣ ይህ ጭማሪ ባይኖር መጨረሻ ላይ ምን ከምን ጋር እንደሚቀጠል ግራ ያጋባል። ሥራው የሚያልቀው S እና F ብቻ ሲቀሩ ነው፤ በመካከላቸው ያለችው አንዲት ቀስት መልሱን ትይዛለች።

የትኛውን ቀድመን እናውጣ? ለእያንዳንዱ ሁኔታ ስንት ቀስት ይገባል፣ ስንት ይወጣል ብለን እናባዛ፤ የራሱን ዙር ሳንቆጥር። 2 አንድ ገቢና ሁለት ወጪ አለው፤ ሁለት ጥንድ። 1 ሁለት ገቢና ሁለት ወጪ፤ አራት። 0 ከ S፣ ከ1 እና ከ2 ይገባበታል፤ ወደ 1 እና ወደ F ይወጣል፤ ስድስት። ትንሹ 2 ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ወደ 2 የሚገባው ከ1 ብቻ ነው፣ በ `r`። ዙሩ `r` ነው። የሚወጣው ወደ 1 በ `a`፣ ወደ 0 በ `x`። ስለዚህ ከ1 ወደ 1 አዲስ ዙር ይፈጠራል፤ `rr*a`። `rr*` አንድ ወይም ከዚያ በላይ `r` ስለሆነ በፕሮግራመሮች አጻጻፍ `r+` ነው። ከ1 ወደ 0 ደግሞ ቀድሞ `c` ነበረ፤ አሁን `c|r+x` ይሆናል። (በሒሳብ መጻሕፍት + ምልክት "ወይም" ማለት ሆኖ ይገኛል። ከመጽሐፍ ወደ ሳጥን የሚገለብጥ ሰው ይጠንቀቅ።)

```
S -> 0 : ε
0 -> F : ε
0 -> 1 : o
1 -> 1 : r+a
1 -> 0 : c|r+x
```

ቀጥሎ 1። አንድ ገቢ፣ አንድ ወጪ፣ አንድ ዙር። ከ0 በ `o` ይገባል፣ `r+a` ን ይዞራል፣ በ `c|r+x` ወደ 0 ይመለሳል። ገቢውም መድረሻውም 0 ስለሆነ 0 ላይ ዙር ይፈጠራል።

```
S -> 0 : ε
0 -> 0 : o(r+a)*(c|r+x)
0 -> F : ε
```

በመጨረሻ 0 ይወጣል። ግራና ቀኙ ባዶ ስለሆነ የሚቀረው የዙሩ ኮከብ ብቻ ነው።

```
(o(r+a)*(c|r+x))*
```

ይህን አንዴ በቃል እናንብበው። ክፈት፤ ከዚያ "ጠይቅ፣ ምናልባት ደጋግመህ፣ መልስ ተቀበል" የሚለውን የፈለግከውን ያህል፤ ከዚያ ወይ ዝጋ፣ ወይ ጠይቀህ መልስ ሳታገኝ ተቋረጥ። ይህ ሁሉ ደግሞ ከዜሮ ጊዜ ጀምሮ ይደጋገማል። የሕጉ ትርጉም ሳይጎድል አለ። ሬጀክሱ እንዲህ የሚነበብ ሆኖ መውጣቱ ግን ዘዴው በራሱ የሚሰጠው ነገር አይደለም። ያመጣው ቅደም ተከተሉ ነው።

ለማየት ከስድስቱ ጥንድ፣ ከ0 እንጀምር። 0 ሲወጣ ከ S ወደ 1 `o`፣ ከ S ወደ F ባዶ፣ 1 ላይ ዙር `co`፣ ከ1 ወደ F `c`፣ ከ2 ወደ 1 `a|xo`፣ ከ2 ወደ F `x` ይሆናል። ከዚያ 1 ን፣ ቀጥሎ 2 ን ስናወጣ የሚደረሰው እዚህ ነው።

```
ε | o(co)*c | o(co)*r (r|(a|xo)(co)*r)* (x|(a|xo)(co)*c)
```

ሁለቱ የሚቀበሉት ቋንቋ አንድ ነው። በመጀመሪያው ውስጥ 6 ፊደላት ተጽፈዋል፤ በዚህኛው 22። `(co)*` ራሱ አራት ጊዜ ተደግሟል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንድ ቀስት በብዙ ጥንዶች ውስጥ ከገባ፣ የያዘው ሁሉ ያን ያህል ጊዜ ይገለበጣል። ሦስት ሁኔታ ላይ ልዩነቱ ይህን ያህል ከሆነ፣ ቀስቶቹ በተጠላለፉ ትልቅ ማሽን ላይ ርዝመቱ በእያንዳንዱ እርምጃ እየተባዛ ስለሚሄድ በቅደም ተከተል ብልሃትም የማይድን ጊዜ አለ። አጭር ሬጀክስ ጭራሽ የሌላቸው ማሽኖች አሉ። ትንሹን ጥንድ ቀድሞ የማውጣት ዘዴም የተሻለውን ሁልጊዜ እንደሚያገኝ ዋስትና የለውም፤ ግን ርካሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ያዋጣል። እኔ በእጅ ስሠራ ከዚህ ሌላ መስፈርት አልጠቀምም።

አሁን ወደ ስህተቶቹ። ይህን ሥራ ሲሞክሩ ከነበሩት ሰዎች ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ጎልተው ታይተዋል። አንደኛው የሚወጣውን ሁኔታ ዙር መርሳት ነው። 2 ሲወጣ ዙሩ ከተረሳ `(o(ra)*(c|rx))*` ይወጣል። በአጫጭር ምሳሌዎች ሁሉ ያልፋል። `oc` ይሠራል፣ `orx` ይሠራል፣ `orac` ይሠራል። የሚወድቀው `orrx` ላይ ነው፤ ማሽኑ ይቀበለዋል፣ ሬጀክሱ አይቀበለውም። ሰው በእጁ የሚሞክረው ሦስት አራት ምሳሌ ስለሆነ ይህ ሳይታይ ያልፋል።

ሁለተኛው ቅንፍ ነው። ከ1 ወደ 0 የነበረው `c|r+x` ነው፤ ከሌላ ነገር ጋር ሲቀጠል ቅንፍ ያስፈልገዋል። ያለ ቅንፍ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል።

```
(o(r+a)*c|r+x)*
```

በሬጀክስ ውስጥ `|` ከሁሉም ደካማው ነው፤ መያያዝ ከእሱ ይቀድማል። ስለዚህ ይህ "ወይ `o(r+a)*c` ወይ `r+x`" ተብሎ ይነበባል። ግንኙነት ሳይከፈት `rx` ይቀበላል፤ ትክክለኛውን `orx` ግን ይጥላል። የዚህ ስህተት ምልክቱ ሁለቱም ወገን ላይ መሳቱ ነው። ዙር የረሳ ሬጀክስ የሚገባቸውን ይጥላል እንጂ የማይገባቸውን አያስገባም። ቅንፍ የረሳ ግን ሁለቱንም ያደርጋል። ስለዚህ የሳተው ስትሪንግ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማየት ብቻውን ስህተቱን የት እንደምንፈልግ ይጠቁማል።

ከስሌቱ ውጭ የሆነ አንድ ወጥመድም አለ፤ እውነቱን ለመናገር የበለጠ ጊዜ የበላው እሱ ነው። ሬጀክሱ ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ ሁሉም መስመር ትክክል ሆነ። `oa` ትክክል። `xxxx` ትክክል። ሬጀክሱ ግን ምንም አልጎደለበትም። መከታተያው ሙሉውን መስመር አያመሳስልም፤ መስመሩ ውስጥ የሆነ ቦታ የሚመሳሰል ቁራጭ ካለ ይበቃዋል። የእኛ ሬጀክስ በውጭ በኩል ኮከብ ስላለው ባዶውን ስትሪንግ ይቀበላል፤ ባዶ ስትሪንግ ደግሞ በየትኛውም መስመር ውስጥ አለ። መፍትሔው ዳር ዳሩን ማሰር ነው።

```
^(o(r+a)*(c|r+x))*$
```

እዚህም ቅንፉን ልብ ይሏል። ረጅሙን ሬጀክስ ብንጠቀም ኖሮ የላይኛው እርከን ላይ `|` ስላለ፣ `^` የመጀመሪያውን አማራጭ ብቻ፣ `$` የመጨረሻውን ብቻ ያስር ነበር። ሙሉውን በቅንፍ ከትቶ ማሰር ያስፈልጋል። ε የሚባል ምልክትም ሳጥኑ ውስጥ የለም፤ ባዶ አማራጭ ሆኖ ወይም `?` ሆኖ መጻፍ አለበት።

ልክ መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ምሳሌ እየመረጡ መሞከር አያስተማምንም፤ ሰው የሚመርጠው አስቀድሞ ያሰበውን ነው። ይልቅ እስከ አንድ ርዝመት ድረስ ያለውን ስትሪንግ ሁሉ ማሽኑንም ሬጀክሱንም መጠየቅ ይሻላል። አምስት ፊደል አለን፤ ከባዶው እስከ ርዝመት 6 ድረስ 19,531 ስትሪንግ ነው። ለኮምፒውተር ምንም አይደለም።

```python
import re
from itertools import product

D = {(0,'o'):1, (1,'r'):2, (1,'c'):0,
     (2,'r'):2, (2,'a'):1, (2,'x'):0}
P = re.compile(r'(o(r+a)*(c|r+x))*')

def machine(w):
    s = 0
    for ch in w:
        s = D.get((s, ch))
        if s is None:
            return False
    return s == 0

for n in range(7):
    for t in product('oracx', repeat=n):
        w = ''.join(t)
        if machine(w) != bool(P.fullmatch(w)):
            print(repr(w))
```

ምንም ካልታተመ ተስማምተዋል ማለት ነው። ዙር የተረሳበትን ብታስገቡበት መጀመሪያ የሚታተመው `'orrx'` ነው። ቅንፍ የጎደለውን ብታስገቡ `'rx'`። በርዝመት ቅደም ተከተል ስለሚሄድ የሚሰጣችሁ አጭሩን ማስረጃ ነው፤ በእጅ መከታተል ይቻላል። ለቁጥር ማመሳከሪያም ይሆናል፤ ከ19,531ዱ ማሽኑ የሚቀበለው 22 ብቻ ነው። ከባዶው እስከ ርዝመት 6 በየርዝመቱ ሲቆጠር 1፣ 0፣ 1፣ 1፣ 3፣ 5፣ 11።

ደንቡ ሥራ ከጀመረ በኋላ አዲስ ጥያቄ መጣ። ሎጉ በየሰዓቱ ወደ አዲስ ፋይል ስለሚቀየር አንዳንድ መስመሮች መልስ እየተጠበቀ እያለ ይቆረጣሉ። እነዚህም ትክክል ተብለው ይለፉ ተባለ። በማሽኑ ቋንቋ 2ም ተቀባይ ይሁን ማለት ነው። እዚህ ላይ የተለመደው ፈተና ያለውን ሬጀክስ ይዞ ጫፉ ላይ አንድ ነገር መቀጠል ነው። ከዚያ ይልቅ ወደ ሥዕሉ መመለስ ይሻላል። F ስላለ የሚጨመረው ከ2 ወደ F አንድ ባዶ ቀስት ብቻ ነው።

2 ን ስናወጣ አሁን ሦስት ወጪ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥንዶች እንደነበሩ ናቸው። ሦስተኛው ከ1 ወደ F ነው፤ `r` ብሎ ገባ፣ `r*` ዞረ፣ ባዶ ወጣ፤ `r+`። ቀጥሎ 1 ሲወጣ የ0 ዙር አልተለወጠም። ከ0 ወደ F ግን ባዶው ብቻ የነበረው አሁን `ε|o(r+a)*r+` ሆነ። "ባዶ ወይም ይህ" ማለት `?` ነው። 0 ሲወጣ ውጤቱ፦

```
^(o(r+a)*(c|r+x))*(o(r+a)*r+)?$
```

ጅራቱ ያላለቀው የመጨረሻ ግንኙነት ነው። `?` መሆኑ ትርጉም አለው፤ ኮከብ ቢሆን ኖሮ ያልተዘጋ ግንኙነት ላይ ሌላ `o` ይፈቅድ ነበር፤ `oror` ያልፍ ነበር። በግምት ጫፉ ላይ የሚቀጥል ሰው በቀላሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከሥዕሉ ስናሰላው ግን ከ0 ወደ F የሚሄድ ቀስት አንዴ ብቻ ስለሚታለፍ ጥያቄው ራሱ አይነሳም።

ማረጋገጫው ላይ የሚለወጡት ሁለት መስመሮች ናቸው፤ `s == 0` የነበረው `s in (0, 2)` ይሆናል፣ P ደግሞ አዲሱን ይይዛል። ተቀባዮቹ ከ22 ወደ 43 ያድጋሉ። 21 የጨመረው በአጋጣሚ አይደለም። ባዶ ያልሆነ እያንዳንዱ የተዘጋ መስመር የመጨረሻ ፊደሉ `c` ወይም `x` ነው፤ አንዱ ከ1 የመጣ፣ ሌላው ከ2። ያንን ፊደል በ `r` ብንተካው 2 ላይ የሚያልቅ መስመር እናገኛለን፤ በተቃራኒውም ይሠራል። ስለዚህ 2 ላይ የሚያልቁት ባዶው ሲቀነስ ከተዘጉት ጋር በቁጥር እኩል ናቸው። ቆጠራችሁ 43 ካልሰጠ ከኮዱ በፊት ሥዕሉን እዩ።